«ባዮሱን አፕዴት እናድርግልሽ» ሲሏችሁ መጀመሪያ ባትሪውን ጠይቁ

ላፕቶፕ ለጥገና ልትሰጡ ከሆነ ይህን አንብባችሁ ሂዱ። የአክስቴ ልጅ እዚሁ ደሴ ውስጥ የገባችበት ነገር ነው። የጥገና ቤቱን ስም አልጠራም።

ልጅቷ ያገለገለ ዴል ላቲቲዩድ አላት፣ ስድስተኛ ጀነሬሽን። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ከቻርጀር የነቀለችው እንደሆነ እዚያው ድርግም ይላል። ቀርፋፋ ሆነባትና ወሰደችው። ጠጋኙ ከፈት አድርጎ አየና «እህቴ፣ የዚህ ባዮስ አሮጌ ነው። ዊንዶውሱን አጽድተን ባዮሱንም አፕዴት ካደረግነው እንደ አዲስ ይፈጥናል» አላት። በ1,500 ብር ተስማሙ።

ሥራው መሃል ላይ መብራት ሄደ። ክረምት ነው፣ ማንም የሚገረምበት ነገር አይደለም። መብራቱ ሲመለስ ላፕቶፑ አልተመለሰም። የላፕቶፑ መብራት ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። በማግስቱ ስትሄድ የሰማችው ይሄን ነው፤ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል። መብራቱ ነው ያቃጠለው፣ እኛ ምን እናድርግ? ሌላ ቦርድ 18,000 ብር ነው። ካልፈለግሽ ለስፔር በ4,000 ብር እንወስድልሻለን።»

ቦርዱ አልተቃጠለም ነበር። ለምን እንዲህ በእርግጠኝነት እንደምናገር ለመረዳት ባዮስ አፕዴት ውስጡ ምን እንደሚመስል ማወቅ ያስፈልጋል።

ባዮስ፣ በአዲሶቹ ማሽኖች ዩኢኤፍአይ የሚባለው፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም ነው። የሚቀመጠው ሃርድ ዲስክ ላይ አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ስምንት እግር ያላት፣ ከጥፍር የማትበልጥ ቺፕ አለች፤ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። የእሷ ላፕቶፕ ቺፕ 16 ሜጋባይት ትይዛለች። ፕሮሰሰሩ ኤሌክትሪክ እንዳገኘ ሜሞሪውንም ስክሪኑንም ገና አያውቃቸውም። መጀመሪያ የሚያደርገው ከዚያች ቺፕ መጨረሻ ጫፍ ላይ ያለውን መመሪያ ማንበብ ነው። ራም የሚያስነሳው፣ ስክሪኑን የሚያበራው፣ ዊንዶውስን ፈልጎ የሚጠራው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። እዚያ ጫፍ ላይ የሚነበብ ነገር ከሌለ ፕሮሰሰሩ ዝም ብሎ ይቆማል። ፋኑ መዞሩ ምንም ማለት አይደለም። ኤሌክትሪክ ደርሶታል ማለት ብቻ ነው።

አሁን አፕዴቱ። ፋይሉን ዊንዶውስ ላይ ስትጫኑት ብዙ ጊዜ እዚያው ምንም አይቀየርም። ፋይሉ ይዘጋጅና ማሽኑ ጠፍቶ ይነሳል። ከዚያ ነባሩ ባዮስ ራሱ የአዲሱን ፊርማ ይፈትሻል፣ ከአምራቹ መሆኑን ያረጋግጣል፣ ወደ ቺፑ መጻፍ ይጀምራል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህ ዓይነቱ ቺፕ ላይ በአሮጌው ላይ አዲስ መደረብ አይቻልም። መጀመሪያ ክፍሉ መጥፋት አለበት። የሚጠፋው ደግሞ ፊደል በፊደል ሳይሆን ብሎክ በብሎክ ነው፤ ትንሹ 4 ኪሎባይት፣ ትልቁ ብዙ ጊዜ 64 ኪሎባይት። የጠፋ ብሎክ በሙሉ FF ይሆናል፣ ባዶ ማለት ነው። ከዚያ አዲሱ ይጻፍበታል፣ ተነቦ ይመሳከራል፣ ወደ ቀጣዩ ብሎክ ይታለፋል።

እንግዲህ አንዱ ብሎክ ጠፍቶ አዲሱ ሳይጻፍበት መብራት ቢሄድ አሮጌውም የለም፣ አዲሱም የለም። ዊንዶውስ ሲበላሽ ባዮስ አለ፣ በፍላሽ ታስነሱታላችሁ። ባዮስ ሲጎድል ግን ፍላሹን የሚያነበው ራሱ ነው የጎደለው። ማሽኑ የማይነሳው ለዚህ ነው እንጂ የተቃጠለ ነገር ኖሮ አይደለም።

አምራቾቹ ይሄን ስለሚያውቁ ላፕቶፖች አፕዴት ከመጀመራቸው በፊት ቻርጀር መሰካቱን፣ ባትሪም መኖሩንና መጠነኛ ቻርጅ መያዙን ያያሉ። ደህና ባትሪ ያለው ላፕቶፕ መብራት ቢሄድ ግድ የለውም፣ ይቀጥላል። ባትሪው የሞተ ከሆነ አፕዴቱን እምቢ ይላል። ታዲያ የእሷስ እንዴት እሺ አለ? ልጅቷ ቆማ ታይ ስለነበር ነገረችኝ። መጀመሪያ ባትሪ የለም ብሎ እምቢ አለው። ጠጋኙ ጥቁር መስኮት ከፈተና አንድ ነገር ጻፈ፣ ከዚያ አፕዴቱ ቀጠለ። የዴል ማሽኖችን የነካካ ሰው ያቺን አንድ ነገር ያውቃታል። ከፋይሉ ስም ቀጥሎ የምትጻፍ ነች፤

```
/forceit
```

የባትሪውን ፍተሻ ዝለለው ማለት ነው። ሞኒተሩ በተሰካበት ዲቫይደር ላይ ቻርጀሩን ሰክቶ፣ ዩፒኤስ ሳይኖር፣ በዝናብ ቀን። «መብራቱ ነው» የሚለውን የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። መብራቱማ ይሄዳል። መከላከያውን ግን በእጁ ያነሳው እሱ ነው።

ላፕቶፑን አስመልሳ ወደ ኮምቦልቻ ይዘነው ወረድን። እዚያ የማውቀው አንድ ጠጋኝ አለ፣ ጋሽ እያልኩ የምጠራው፣ ቺፕ የሚያነብና የሚጽፍ ፕሮግራመር የሚባል መሣሪያ ያለው። መጀመሪያ ቀላሉን ሞከረ። ብዙ ላፕቶፖች የባዮሱ መነሻ ክፍል ካልተነካ ራሳቸውን የሚያድኑበት መንገድ አላቸው። በዴል ከዚህ ጀነሬሽን ጀምሮ የባዮሱን ማዳኛ ፋይል BIOS_IMG.rcv ብላችሁ ፍላሽ ላይ ታደርጋላችሁ፣ Ctrl እና Esc አንድ ላይ ጫን አድርጋችሁ ይዛችሁ ቻርጀሩን ትሰካላችሁ። በኤችፒ ደግሞ ዊንዶውስ ቁልፉንና B አንድ ላይ ይዞ ማብራት ነው። ቢሠራ ኖሮ ወጪው የአንድ ፍላሽ ጉዳይ ነበር። የእሷ ምንም አላለም። ጋሽ «መነሻው ሄዷል» አለና ከፈተው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። የሞተውን ባትሪ ገመድ ነቀለ፣ የሰዓቷን ትንሽ ባትሪም ነቀለ። ቺፑ ጫፍ ላይ ያለችውን ነጥብ አይቶ የፕሮግራመሩን ክሊፕ ቀይ ሽቦ ከዚያ ጋር አስተካክሎ ነከሰበት። ምንም ከመጻፉ በፊት ያለውን አነበበና ኮምፒውተሩ ላይ አስቀመጠ። ሁለተኛ አነበበ፣ ሁለቱ ፋይሎች አንድ መሆናቸውን አመሳከረ። ከዚያ ፋይሉን ከፍቶ ወደ መጨረሻው ወረደ። ስክሪኑ ሙሉ FF FF FF FF ነበር፣ መስመር በመስመር። ፕሮሰሰሩ መጀመሪያ የሚያነበው ቦታ ባዶ ነው። ከፍ ሲል ደግሞ የተጻፈ አለ፤ እዚያ ዴል ሰርቪስ ታግ የሚለው የላፕቶፑ መለያ ቁጥር በትክክል ተቀምጧል።

ይቺ ንባብ ቀላል ነገር አይደለችም። ቺፑ ውስጥ ባዮሱ ብቻ አይደለም ያለው። የማሽኑ መለያ ቁጥር፣ አብሮ የመጣ የዊንዶውስ ፈቃድ ካለም ቁልፉ፣ በኢንቴል ማሽኖች ላይ ደግሞ የራሱ የሆነ ሌላ ክፍል አለ። አንዳንዱ ጠጋኝ ከኢንተርኔት የሌላ ሰው ማሽን ሙሉ ፋይል አውርዶ እንዳለ ይጽፍበታል። ማሽኑ ይነሳል፣ ግን የሌላ ላፕቶፕ መለያ ይዞ፣ ዊንዶውሱም ፈቃድ አጥቶ ሊሆን ይችላል። ጋሽ የጎደለውን የባዮስ ክፍል ብቻ ከአምራቹ ፋይል አውጥቶ በራሷ ፋይል ላይ ተካው፣ ጻፈው፣ መልሶ አንብቦ አመሳከረ። ሲያበሩት መጀመሪያ ትንሽ ቆየ፣ አንዴ ራሱን አጥፍቶ ተነሳ፣ ከዚያ የዴል ምልክት መጣ። የከፈለችው 2,000 ብር ነው። ያ «የተቃጠለ» ቦርድ ይኸው እስካሁን እየሠራ ነው።

አንድ ያላነሳሁት ነገር አለ። «ባዮስ አፕዴት ያፈጥናል» የተባለው። በእሷ ማሽን ላይ ምንም የሚያፈጥነው ነገር አልነበረም። ውስጡ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነበር፣ ራሙ 4 ጊጋ። መፍትሔው ኤስኤስዲ ነው፣ አለቀ። ባዮስ አፕዴት የሚደረገው ለሌላ ነገር ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2018 ይፋ እንደሆነው ስፔክተር ላሉ የፕሮሰሰር የደህንነት ክፍተቶች፣ አዲስ ፕሮሰሰር ቦርዱ እንዲያውቀው፣ ወይም አምራቹ ራሱ የጠቀሰውን ብልሽት ለማረም። እነዚህ በቂ ምክንያቶች ናቸው፣ አታድርጉ አልልም። የፍጥነት ፓኬጅ ተደርጎ ሲሸጥላችሁ ግን ገንዘባችሁን መልሳችሁ ኪሳችሁ ክተቱ።

ምክንያቱ እውነተኛ ከሆነ የትኛው ቨርዥን ላይ እንዳላችሁ እናንተው እዩ። ዊንዶውስ መፈለጊያው ላይ msinfo32 ጻፉ፣ BIOS Version/Date የሚለውን መስመር አንብቡ፣ የአምራቹ ገጽ ላይ ካለው ጋር አወዳድሩ። ዲስኩን በቁልፍ የሚዘጋው ቢትሎከር የበራበት ማሽን ከሆነ ሪከቨሪ ቁልፉን አስቀድማችሁ ጻፉ፣ ከአፕዴት በኋላ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ዴስክቶፕ ባትሪ የለውምና ያለ ዩፒኤስ አይነካ። ሲጀመር ስክሪኑ ሊጨልም፣ ፋኑ ሊጮህ፣ ማሽኑ ደጋግሞ ሊነሳ ይችላል። ይሄ የተለመደ ነው። ደንግጦ ማጥፊያውን ጫን አድርጎ የያዘ ሰው መብራት ኃይልን መጠበቅ አላስፈለገውም፣ ራሱ አቋርጦታል።

እንግዲህ አፕዴት መሃል የሞተ ላፕቶፕ ይዛችሁ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ከተባላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ቺፑን አንብበኸዋል?» ካላነበበው ተቃጥሏል የሚለው ግምት ነው። ፕሮግራመር የለኝም ካለ ሐቀኛ ነው፣ አመስግናችሁ ያለው ቤት ውሰዱት። እውነት ነው፣ ቺፑ ተነቦ፣ ተጽፎ፣ ተመሳክሮም የማይነሳ ማሽን ይኖራል። ያኔ ስለ ቦርድ መነጋገር ይቻላል።

ለስፔር ሽጡልን ካሏችሁ ደግሞ መጀመሪያ ዲስኩን አስወጡ። ባዮስ አፕዴት ሲቋረጥ ሃርድ ዲስካችሁ ወይም ኤስኤስዲያችሁ ላይ ያለው ፋይል አልተነካም። ሌላ ማሽን ላይ ሲሰካ ይነበባል፣ ቢትሎከር ካለበት በቁልፉ። የአክስቴን ልጅ «ዳታ ሪከቨሪ» ብለው 3,000 ብር ጠይቀዋት ነበር። ኮምቦልቻ ላይ ጋሽ ዲስኩን አውጥቶ በኬብል ሰክቶ የመመረቂያ ጽሁፏን ሲያሳያት ለዚህ ምንም አላስከፈላትም። 1,500 ብሩን ግን እስካሁን አልመለሱላትም፣ ደረሰኝም አልሰጧት። ስለዚህ ማሽኑን ስታስረክቡ ምን እንደሚሠራና ሲሰጥ ይነሳ እንደነበር በወረቀት አስጽፉ።