ከርዳዳ ፀጉርን ከተጨናነቀ ጀርባ ለመቁረጥ፦ ፎቶሾፕ፣ አፊኒቲ፣ ጂምፕ ወይስ ፎቶፒ?

በምርቃት ሰሞን ጅማ ውስጥ ፎቶ የሚሠራ ሰው ይህን ትዕዛዝ ያውቀዋል። ተመራቂዋ ዛፍ ሥር ቆማ ተነስታለች። ጋውኑም ፈገግታውም አምሯል። አሁን ግን ከጀርባዋ ያለው ቅጠል ወጥቶ ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንዲገባላት ትፈልጋለች። ፊቱንና ጋውኑን መቁረጥ ቀላል ነው። ሥራው ያለው አፍሮው ላይ ነው።

ብዙ ልጆች «ለዚህ ሥራ ፎቶሾፕ ልግዛ ወይስ ነጻውም ይበቃኛል?» ይሉኛል። አራቱንም የማወዳድረው በዚሁ ዓይነት ፎቶ ነው። ጥቁር አፍሮ፣ ከኋላው አረንጓዴ ቅጠል፣ በቅጠሉ መሀል ሾልኮ የሚገባ የፀሐይ ብርሃን። መድረሻው ደግሞ የከሰዓት ብሩህ ሰማይ ያለበት የቤተ መንግሥቱ ፎቶ።

መጀመሪያ ችግሩን እንለይ፤ ምርጫው የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። ሉጫ ፀጉር ጠርዝ አለው። ከርዳዳ ፀጉር ጠርዝ የለውም። ያለው ወፈር ያለ ቀበቶ ነው፤ ወደ ውጭ እየሳሳ የሚሄድ፣ መሀል መሀሉ ላይ ቅጠሉ የሚታይበት። አንዷ የፀጉር ዘለላ ብዙ ጊዜ ከአንድ ፒክስል ትቀጥናለች። ስለዚህ ያ ፒክስል ግማሹ ፀጉር፣ ግማሹ ቅጠል ነው። ፕሮግራሙ ሁለት ነገር መሥራት አለበት ማለት ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ፒክስል ምን ያህሉ ፀጉር እንደሆነ መገመት። ሁለተኛ፣ የተቀላቀለውን አረንጓዴ ከፀጉሩ ማውጣት። ገዢዎች የሚያዩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ደንበኛ ፎቶውን የሚመልሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ምክንያት ነው። ፀጉሯ ዙሪያ አረንጓዴ ጭጋግ ያያል።

ከፎቶሾፕ እንጀምር። Select Subject ብላችሁ ሰውየዋን ካስመረጣችሁ በኋላ Select and Mask ውስጥ ግቡ። መጀመሪያ እይታውን ቀይሩ። የምታስገቡት ሰማይ ብሩህ ስለሆነ On White ላይ አድርጉት፤ ቆሻሻው ሁሉ ቁልጭ ብሎ የሚወጣው እዚያ ነው። ከዚያ Refine Mode የሚለውን Object Aware አድርጉት። Color Aware ጀርባው አንድ ዓይነት ሲሆን ጥሩ ነው፤ ቅጠልና ብርሃን በተቀላቀለበት ግን ይደናገራል። ቀጥሎ Refine Hair የሚለውን ተጫኑ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ለአፍሮ ግን አይበቃም። Refine Edge Brush አንሱ። የብሩሹን ስፋት ሳሳ ካለው ቀበቶ ጋር አስተካክሉና ቀበቶውን በሙሉ ዙሩት። ከዚያ ብሩሹን አሳንሳችሁ በፀጉሩ መሀል የሚታዩትን የቅጠል ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ንኳቸው። ግንባርና ጆሮ ላይ እንዳትነኩ፤ ቆዳውም ከፊል ግልጽ ይሆንና ሰማዩ በግንባሯ በኩል ይታያል። Smooth እና Feather ዜሮ ላይ ይቆዩ። እነሱ ለጋውን ጠርዝ ናቸው፤ ፀጉርን ግን እንደ ቆብ ያደርጉታል።

አሁን ወደ Black & White እይታ ዙሩ። የፀጉሩ እምብርት ንጹሕ ነጭ መሆን አለበት። ውስጡ ላይ ግራጫ ነጠብጣብ ካያችሁ ሰማዩ በራሷ ውስጥ ያልፋል ማለት ነው፤ በተራ ብሩሽ ሙሉት። ቀበቶው ግን ግራጫ መሆን አለበት። እሱም ነጭ ከሆነ ፀጉሩ ተቆርጧል እንጂ አልተለየም።

ፎቶሾፕ ዋጋውን የሚያስከፍልበት ቦታ ከዚህ በታች ያለው Decontaminate Colors ነው። በጠርዙ ላይ የተቀላቀለውን አረንጓዴ በአጠገቡ ባለው የፀጉር ቀለም ይተካል፤ መጠኑንም በመንሸራተቻ ትወስናላችሁ። እኔ መቶ ላይ አልተወውም፤ ቀጫጭን ዘለላዎች ወፍረው ይጨማለቃሉ። ከግማሽ ጀምሬ አረንጓዴው እስኪጠፋ ብቻ እጨምራለሁ። ይህ አማራጭ የፒክስሉን ቀለም ስለሚለውጥ ውጤቱን በአዲስ ሌየር ያወጣል። የመጀመሪያው ፎቶ ከሥር ሳይነካ ይቀራል።

ችግሩ ክፍያው ነው። ፎቶሾፕ አንዴ ተገዝቶ የሚያልቅ አይደለም፤ በየወሩ በዶላር የሚከፈል ኪራይ ነው። ቴሌብር አይቀበልም፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይፈልጋል። የተሰበረ ኮፒ ጭነው የሚሠሩ አሉ፤ አልመክርም። ቫይረስ ይዞ የሚመጣው ብዙ ነው፤ የደንበኛ ፎቶ የሞላበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም።

አፊኒቲ ድሮ አንዴ ተከፍሎበት የሚወሰድ ነበር። ካንቫ ከገዛው በኋላ በ2025 በነጻ ተለቀቀ፤ የሚፈልገው የካንቫ አካውንት መክፈት ነው። ለፀጉር ሥራ ከነጻዎቹ መጀመሪያ የምጠቁመው እሱን ነው። የምርጫ ብሩሹ ሰውየዋን በፍጥነት ይይዛል። ከዚያ Refine የሚለው ውስጥ Matte ብሩሽ አለ፤ ሥራው ከፎቶሾፑ ብሩሽ ጋር አንድ ነው። ቀበቶውን ትዞሩታላችሁ፣ ቀዳዳዎቹን ትነካላችሁ፣ ከዚያ ውጤቱን ማስክ ወዳለው አዲስ ሌየር ታወጣላችሁ።

ልዩነቱ ሁለት ቦታ ላይ ይታያል። ቅጠሉ ጥላ ውስጥ ሆኖ ከፀጉሩ ጋር ሲመሳሰል አፊኒቲ ቶሎ ይሳሳታል፤ Foreground እና Background ብሩሾቹን እየቀያየራችሁ ማረም ይኖርባችኋል። ሌላው፣ አረንጓዴውን ምን ያህል እንደሚያጸዳ የምትወስኑበት መንሸራተቻ የለውም። የቀረውን በእጅ ታጸዳላችሁ።

በእጅ ማጽዳቱ ከባድ አይደለም፤ አራቱንም ስለሚመለከት ዘርዘር ላድርገው። ከፀጉሩ ሌየር በላይ አዲስ ባዶ ሌየር ክፈቱና ፀጉሩ ላይ ብቻ እንዲሠራ እሰሩት። ሁነቱን Color አድርጉት። ከፀጉሩ እምብርት አጠገብ ብርሃን ካረፈበት ቦታ ቡናማውን ቀለም በጠብታ መምረጫው ውሰዱ። በለስላሳ ብሩሽ ጠርዙን ቀቡት። አረንጓዴው ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ የዘለላው ቅርጽ አይነካም። ፀሐይ የመታው ቅጠል የነበረበት ቦታ ግን ቀለሙ ቢለወጥም ብሩህ ሆኖ ይቀራል። እዚያ ላይ ሌላ ሌየር በ Multiply ጨምሩና በስሱ አጥቁሩት። አንድ አፍሮ በዚህ መንገድ ሲጸዳ ከአውቶማቲኩ የሚያንስ አይደለም። የሚበላው ጊዜያችሁን ነው።

ጂምፕ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው። አካውንት አይጠይቅም፣ ሊኑክስ ላይም ይሠራል። ለፀጉር የሚሆነው መሣሪያው Foreground Select ይባላል። ሰውየዋን በሰፊው ትከቧታላችሁ፣ Enter ትጫናላችሁ። ከዚያ በእርግጠኝነት ሰው የሆነውን ክፍል፣ ማለትም ፊቷን፣ ጋውኗንና የፀጉሩን እምብርት ትቀባላችሁ። ሳሳ ያለውን ቀበቶ ደግሞ «ያልታወቀ» በሚለው ብሩሽ ትተዉታላችሁ። ፕሮግራሙ የሚያሰላው ያንን ክፍል ብቻ ነው። ከሁለቱ የስሌት ዓይነቶች ለፀጉር የምመርጠው Matting Levin ነው።

ውጤቱ የሚያኮራ ነው፤ ግን በትልቅ ፎቶ ላይ በጣም ይዘገያል። መፍትሔው ፎቶውን በሌላ ኮፒ ከትከሻ በላይ ቆርጦ ፀጉሩን እዚያ መሥራት ነው። አረንጓዴ ማጽጃ ግን የለውም፤ ከላይ ያልኩትም የመቀባት ዘዴ ትንሽ ይለያል። ማስኩን Apply Layer Mask ብላችሁ ካጸናችሁ በኋላ የሌየሩን Lock alpha አብሩ። ከዚያ የብሩሹን ሁነት HSL Color አድርጋችሁ በቀጥታ ፀጉሩ ላይ ቀቡ። ማስኩ ከጸና በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ስለማይቻል መጀመሪያ ሌየሩን ኮፒ አድርጉ። ለጀማሪ ይህ የሚያሰለች መንገድ ነው፤ በቀን ብዙ ፊት ለሚሠራ ሰው ደግሞ ሰዓት ይበላል።

ፎቶፒ በብራውዘር የሚከፈት ነው። ማስታወቂያ እያሳየ በነጻ ያሠራል። መልኩ ከፎቶሾፕ ጋር ስለሚመሳሰል የለመደ ሰው አይቸገርም፤ የፎቶሾፕ ፋይልም ይከፍታል። ፎቶው ወደ ሌላ ቦታ አይላክም፤ የሚሠራው እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ነው። ስለዚህ ኔትወርክ ቢያዘግም ዋናው ችግር ገጹን መጀመሪያ ማስከፈቱ ነው። Refine Edge የሚለው ውስጥ ነጭ፣ ጥቁርና ግራጫ ብሩሽ አለ። ግራጫውን ቀበቶው ላይ ትቀባላችሁ። ለአንድ ሁለት ፎቶ ይበቃል። ብዙ ሌየር ያለው ትልቅ ፋይል ላይ ግን ብራውዘሩ ይጨናነቃል። መብራት ከሄደ ደግሞ ሴቭ ያልተደረገው ሥራ አብሮ ይሄዳል፤ በየመሀሉ ፋይሉን ማውረድ ልመዱ።

ከአራቱ አንዱም የማይፈታው ነገር አለ። ጥቁር ፀጉር በጥቁር ጥላ ላይ ሲያርፍ በፎቶው ውስጥ ልዩነት የሚባል ነገር የለም። የሌለውን ደግሞ የትኛውም ፕሮግራም አያገኘውም። አንዱ እንደ ቆብ ይቆርጠዋል፣ ሌላው ጭጋግ ይተዋል። እዚያ ላይ ሁለት ሦስት ፒክስል በሆነ ብሩሽ ጥቂት ጥቅልሎችን መሳል ነው ያለው። ከራሷ ፀጉር ጥሩ የወጣውን ቁራጭ ኮፒ አድርጎ አዙሮ መለጠፍም ይቻላል፤ እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ሸካራነቱ የራሷ ነውና። ለዚህ ችግር ብላችሁ ግን ውዱን አትግዙ።

ታዲያ ማን የቱን ይያዝ? በምርቃትና በሠርግ ወቅት በየቀኑ እንዲህ ዓይነት ትዕዛዝ ለሚቀበልና የውጭ ካርድ ላለው ስቱዲዮ ፎቶሾፕ ያዋጣል። የሚገዛው የምርጫው ጥራት ሳይሆን የማጽጃው ፍጥነት ነው። በሳምንት ጥቂት ፎቶ ለሚሠራ፣ ዊንዶውስ ወይም ማክ ላለውና ስምንት ጊጋ ራም ለያዘ አፊኒቲን እመርጣለሁ፤ ያለምንም ክፍያ ከፎቶሾፕ እጅግ አይርቅም። ላፕቶፑ ያረጀ ወይም ሊኑክስ የጫነ ጂምፕን ይያዝ፤ ትዕግሥቱ ካለው ውጤቱ አያሳፍርም። ፎቶፒ ዋና መሥሪያ አይሁን። የጓደኛ ኮምፒውተር ላይ ሆናችሁ ደንበኛ ሲቸኩል ግን ያድናችኋል።

ከመወሰናችሁ በፊት አፊኒቲንና ፎቶፒን በአንድ ፎቶ ሞክሯቸው። ፎቶሾፕም የሙከራ ጊዜ አለው። ለሙከራ ንጹሕ ግድግዳ ፊት የተነሳ ፎቶ አትውሰዱ፤ በዚያ ላይ ሁሉም ያምራሉ። ከኋላው ቅጠልና ፀሐይ ያለበትን አንድ አፍሮ ውሰዱ። የተቆረጠውን መቶ ፐርሰንት አጉልታችሁ አንዴ ነጭ፣ አንዴ ጥቁር ጀርባ ላይ አድርጋችሁ እዩት። አረንጓዴው በነጩ ላይ፣ ፈካ ያለው ጭጋግ በጥቁሩ ላይ ይወጣል።