የማይከፈተውን መጽሐፍ ለከፈተልኝ ወጣት ምስጋና

መገናኛ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወጣት አለ። ሥራውን ላመሰግን፣ የእኔ ዓይነት ችግር የገጠማችሁም እንድታውቁት ብዬ ነው የምጽፈው።

የምተዳደረው በመጽሐፍ ገጽ ቅንብር ነው። የ2015 ማክቡክ ፕሮዬ ላይ ዓመታት የሠራሁት ኢንዲዛይን ሲኤስ6 በሚባል የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነው። አንድ ማታ ኮምፒውተሩ «አዲስ ማሻሻያ አለ» ሲለኝ እሺ ብዬ ተኛሁ፤ ሞሃቬ ከሚባለው የማክ ስርዓት ወደ ቀጣዩ፣ ወደ ካታሊና ተሻገረ። በማግስቱ አንድ ደራሲ ደውለው፣ ከዓመታት በፊት ያዘጋጀሁላቸው መጽሐፍ ለሁለተኛ ጊዜ ሊታተም ነውና ሦስት ገጽ አስተካክልልኝ አሉ። ፕሮግራሙን ልከፍት ስል በምልክቱ ላይ የተሰረዘ ነጭ ክብ ተለጥፎበታል። ስጫነው፣ የፕሮግራሙ አምራች ካላሻሻለው በስተቀር በዚህ ማክ ላይ እንደማይሠራ ነገረኝ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ ቫይረስ ነው አለኝ። ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ሊጭነው ቢሞክር ጫኚው ራሱም አልከፈት አለ። ከዚያ አዲስ ኮምፒውተር እንድገዛ መከረኝ። (የሚሸጠውም እዚያው ነበር።)

ወጣቱ ግን ገና ሳይነካው «ጋሼ፣ ከማሻሻልዎ በፊት የተቀመጠ ቅጂ አለዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። በታይም ማሽን የያዝኩት ውጫዊ ዲስክ ነበረኝ። ቀጥሎ የሆነውን አስረዳኝ። ፕሮግራሙ የተሠራው በቆየው የ32 ቢት አሠራር ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም መስኮት ለመክፈትም ሆነ ፋይል ለማንበብ ከስርዓቱ ውስጥ 32 ቢት የሆኑ የተዘጋጁ የኮድ ስብስቦችን ይጠራል። አፕል በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. ካታሊናን ሲያወጣ እነዚያን አስወገዳቸው፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ቢጠራ የሚመልስለት የለም። ፕሮግራሙ አልተበላሸም፣ ፋይሎቼም አልጠፉም። አሥር ጊዜ ቢጫንም ያው ነው።

መፍትሔው ዲስኩን ሳይደመስስ ሞሃቬን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነበር። በ«Disk Utility» ኤፒኤፍኤስ በሚባለው የማክ ዲስክ አደረጃጀት አዲስ ክፍል ጨመረ፤ ባዶውን ቦታ ከነባሩ ጋር ስለሚጋራ መከፋፈል አላስፈለገም። ከዚያ የሞሃቬን መጫኛ በ16 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ በዚህ ትእዛዝ አዘጋጀ፦

```
sudo /Applications/Install\ macOS\ Mojave.app/Contents/Resources/createinstallmedia --volume /Volumes/MyVolume
```

«MyVolume» የፍላሹ ስም ነው፤ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የ«Option» ቁልፍ ተይዞ በፍላሹ ይጀመራል፤ ኋላም በየትኛው ስርዓት መሥራት እንደምፈልግ የምመርጠው በዚያው ቁልፍ ነው። ሞሃቬ ከተጫነ በኋላ ኢንዲዛይንን ከታይም ማሽኑ ቅጂ መለሰው። የሲሪያል ቁጥሩን ሲጠይቅ ከአሮጌው ሳጥን ላይ አነበብኩለት። የደራሲው መጽሐፍ ሲከፈት የተነፈስኩትን ትንፋሽ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሌላው ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ሂሳቡን ተቀብሎ ያሰናብተኝ ነበር። እሱ ግን ሞሃቬ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የደህንነት ማሻሻያ እንደማያገኝ ነገረኝና፣ በዚያኛው በኩል ኢንተርኔት እንዳልጠቀም አስጠነቀቀኝ። ይህ ኮምፒውተር ሲሞትም በአፕል የራሱ ቺፕ የተሠሩት አዳዲሶቹ ማኮች ሞሃቬን ፈጽሞ አይቀበሉም። ስለዚህ ጊዜ ሳለ ፋይሎቹን አውጣ አለኝ።

እህቴ ከውጭ የገዛችልኝ አፊኒቲ ፓብሊሸር የሚባል ሌላ የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም የኢንዲዛይንን ዋና ፋይል አይከፍትም፤ ከኢንዲዛይን የሚወጣውን «IDML» የሚባል የመለዋወጫ ፋይል ግን ይከፍታል። አንዱን መጽሐፍ አብረን ሞከርን። በኢንዲዛይን ከ«File» ወደ «Export» ገብተን «InDesign Markup (IDML)» ብለን አወጣነው። በአዲሱ ፕሮግራም ስንከፍተው ፎቶዎቹ የሉም፤ ይህ ፋይል የሚይዘው ፎቶዎቹ የተቀመጡበትን አድራሻ ብቻ ነውና። ፊደሉም በካታሊናው በኩል ስላልተጫነ በሌላ ተተክቶ፣ አንድ ምዕራፍ በሁለት መስመር ገፍቶ የመጨረሻውን አንቀጽ ወደሚቀጥለው ገጽ ጥሎታል። ፊደሉን ጭነን ፎቶዎቹን ስናገናኝ አብዛኛው ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ጎን የቀድሞውን ፒዲኤፍ አስቀምጬ ገጽ በገጽ አመሳክራለሁ። አድካሚ ነው፤ እስካሁን አሥራ አንድ መጽሐፍ አሻግሬያለሁ።

ገና በሞሃቬ ላይ ያላችሁ ከማሻሻላችሁ በፊት «System Report» ውስጥ ገብታችሁ «Legacy Software» የሚለውን ተመልከቱ። እዚያ የተዘረዘረው ሁሉ በማግስቱ አይከፈትም።

ያስከፈለኝ የእጅ ሥራውን ብቻ ነው፤ ፍላሹንም መልሶልኛል። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከመደወላችሁ በፊት ግን የኮምፒውተራችሁን ሞዴል ዓመት እና የመጠባበቂያ ዲስካችሁን አዘጋጁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነዚህን ነው።