የዘይት መብራት በሚኒሞ ብልጭ ድርግም ሲል፦ ዘይት ነው፣ ሴንሰር ነው ወይስ ብሮንዚን?

ኮምቦልቻ መኪና ልታዩ ሄዳችሁ ሞተሩ በሚኒሞ ላይ እያለ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትረግጡ በዝቅተኛ ዙሩ ሲሠራ፣ ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ካለ፣ ሻጩ ምን እንደሚል አስቀድሞ ይታወቃል፦ «ሴንሰሩ ነው፣ ቀላል ነገር ነው»። ሊሆን ይችላል። ግን ዘይት ሲጎድልም ሆነ ብሮንዚን (የክራንክ ሻፍቱ ቤሪንግ ማለት ነው) ሲበላ የሚበራው ያው መብራት ነው። አንዱን በሊትር ዘይት ትገላገሉታላችሁ፣ ሌላውን በትንሽ ዕቃ። ሦስተኛው ሞተር ማውረድ ነው።

መጀመሪያ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ። መብራቱ መብራት አለበት። ካልበራ ገመዱ ተነቅሏል ወይም አምፖሉ የለም፤ እንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ጊዜ አታጥፉ።

የዘይት ጉድለት ለመለየት ቀላሉ ነው። ሜዳ ላይ አቁማችሁ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ መለኪያውን ዘንግ አውጡ። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ግን አለ፦ ዘይት ትንሽ ስለጎደለ ብቻ መብራቱ በሚኒሞ አይርገበገብም። በብዙ መኪኖች በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው አንድ ሊትር ገደማ ነው፣ እና ታችኛው ምልክት ላይም ቢሆን ፓምፑ የሚስበው ዘይት አለ። ጉድለቱ ከዚያ ሲያልፍ መብራቱ መጀመሪያ የሚታየው ኩርባ ላይ፣ ፍሬን ሲያዝ ወይም ዳገት ላይ ነው፤ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሲሄድ ፓምፑ አየር ይስባል። ስለዚህ መለኪያው ልክ ሆኖ መብራቱ ቆማችሁም ከበራ ዘይት መጨመር መፍትሔ አይደለም።

የዘይቱን ግፊት አንብቦ መብራቱን የሚያበራው ሴንሰር ሲበላሽ ለሞተሩ ሙቀት ግድ የለውም። ጠዋት ሞተሩ በረዶ ሆኖ፣ ዘይቱ ወፍራም ሆኖ እንኳ ይርገበገባል፤ አንዳንዴ በፍጥነት ስትሄዱም ይበራል። ሶኬቱን ብትነቅሉት ውስጡ ዘይት ያዘለ ሊሆን ይችላል። ተነቅሎም መብራቱ ካልጠፋ ጥፋቱ ገመዱ ጋ ነው፣ የሆነ ቦታ ተልጦ ቦዲ እየነካ ነው።

ብሮንዚን ሲበላ ግን ሙቀት ነው የሚያጋልጠው። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ በሰፋው ክፍተት ያመልጣል፣ ፓምፑም በሚኒሞ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ግፊቱ ይወርዳል። ነዳጅ ጠቀስ ስታደርጉ መብራቱ ወዲያው ይጠፋል። ለዚህ ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ ያለ ሰው ዕድለኛ ነው፣ ምክንያቱም ሐረጎ አለ። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለውን ዳገት ውጡና ፒያሳ ስትደርሱ ሳታጠፉት በሚኒሞ አቁሙት። ሻጩ ሰፈር ውስጥ ሁለት ዙር አዙሮ ካሳያችሁ ምንም አላያችሁም። ዳገቱ ላይ ከታች በኩል ወፍራም ኳኳታ ከሰማችሁም ጉዳዩ አልቋል።

የመጨረሻው ፍርድ ግን የመብራት ሳይሆን የግፊት መለኪያ ጌጅ ነው። መካኒኩ ሴንሰሩን ፈትቶ እዚያው ቀዳዳ ላይ ጌጁን ያስራል። በብዙ የድሮ ቶዮታዎች ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ቢያንስ 0.3 ባር፣ በ3000 ዙር ከ2.5 እስከ 5 ባር ይጠበቃል። አንድ ኮሮላ እንውሰድ። ዘይቱ ሙሉ ነው፣ ጠዋት በሚኒሞ 3 ባር ያሳያል፣ ሻጩም ደስ ብሎታል። ሐረጎን ወጥቶ ሲለካ በሚኒሞ 0.2፣ በ3000 ዙር 1.5 ብቻ። ይሄ ሴንሰር አይደለም። ሴንሰር ቢሆን ኖሮ መብራቱ እየተርገበገበም ጌጁ ሞቆ 1 ባር፣ በ3000 ዙር ደግሞ 3 ምናምን ያነብ ነበር።

ምን ዘይት እንደተሞላም ጠይቁ። 20W-50 ወይም ከዚያ የወፈረ ተጨምሮ ለጥቂት ሳምንት መብራቱን ዝም ማሰኘት የታወቀ ዘዴ ነው። በወፍራም ዘይትም እየበራ ከሆነ የባሰ ነው።

እርግጥ ዝቅተኛ ግፊት ከተደከመ ፓምፕ ወይም ከተደፈነ የመሳቢያ ወንፊትም ይመጣል። ያንን ለማወቅ የዘይት ቋቱ መውረድ አለበት፤ ቋቱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ብናኝ፣ በተለይ የመዳብ ቀለም ያለው ካለ ብሮንዚኑ ነው። ሻጭ ደግሞ ሳትገዙት ቋት አያስወርዳችሁም። ስለዚህ ጌጁ ዝቅ ካለ ሞተር የሚታደስበትን ወጪ ከመካኒክ ጠይቃችሁ ሙሉውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ሻጩ እምቢ ካለ ተዉት። ጌጁ ደህና ካነበበ ግን ሴንሰር ለዋጋ መከራከሪያ እንኳ አይበቃም፣ ግዙት።