የፊት ፍሬን ወይስ የኋላ? ክረምት ላይ በሞተር ቁልቁለት ሲወርዱ

ከደጀን ወደ አባይ በረሃ የሚወርደው አስፋልት ዝናብ ሲመታውና ወደ ገጠር ቀበሌ የሚያስገባው የጠጠር መንገድ አንድ አይነት አያያዝ አይፈልጉም።

እርጥብ አስፋልት ላይ የፊት ፍሬንን የሚፈራ ብዙ ነው። እኔ ግን ዋናው ስራ የእሱ ነው እላለሁ። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የፊት ጎማውም መሬቱን ይበልጥ ይይዛል። በሁለት ጣት ቀስ ብለው ይጀምሩ፣ የፊቱ ዝቅ ሲል ይጨምሩ። መሪው ድንገት ከቀለለ ጎማው ተቆልፏልና ወዲያው ይልቀቁት። ይህ ሁሉ ኩርባው ሳይደርስ ይለቅ። ኩርባው ውስጥ ነዳጁን ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ ይያዙ፤ ሰውነትዎን ወደ ውስጥ ያዘንብሉ፣ ሞተሩ ብዙ እንዳይጋደም።

ጠጠርና ጭቃ ላይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። የኋላ ጎማ ቢንሸራተት ይመለሳል፤ የፊቱ ከሄደ ግን ብዙ ጊዜ መውደቅ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ፍሪሲዮን አይያዙ፣ ሞተሩ ራሱ ፍጥነትዎን ይቀንስልዎት። የኋላውን በእግር ጫን ያድርጉ፤ የፊቱን ቀጥ ብለው ሲሄዱ ብቻ ነካ። ኩርባ ላይ ደግሞ ሞተሩ ትንሽ ቢጋደምም ሰውነትዎ ቀጥ ይበል፤ ክብደትዎ በውጭ በኩል ባለው መርገጫ ላይ ይረፍ።