ክብደት ላለው ጀማሪ ሯጭ፦ ለስላሳ ሶል ወይስ ጠንከር ያለ?

ደሴ ፒያሳ ጫማ ቤት ገብታችሁ «ለሩጫ ነው» ስትሉ፣ ሻጩ አውራ ጣቱን ሶሉ ላይ ጫን አድርጎ «አብሽሩ፣ ልስላሴውን እዩት» ይላችኋል። ሰባ ኪሎ ለማይሞላ ሰው ይህ መጥፎ ምክር አይደለም። 95 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ግን የአውራ ጣት ፍተሻ ብዙም አይነግረውም። በሩጫ ላይ አንዱ እግር ብቻውን ከሰውነት ክብደት ሁለት እጥፍ በላይ ይቀበላል። ይህም ሁለት ኩንታል ገደማ ማለት ነው።

ይህን ጫና የሚችለው የመሀል ሶሉ ነው፤ ማለትም ከላይ ባለው ጨርቅና መሬት በሚነካው ጎማ መካከል ያለው ፎም። እዚህ የማወዳድረውም እሱን ነው።

ለስላሳ ኢቪኤ። ገበያ ላይ የሚበዛው ኢቪኤ የሚባለው ፎም ነው። ውስጡ በጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። በጣም ለስላሳው ዓይነት በከባድ ሰው ሥር ሙሉ በሙሉ ይታመቅና የሚቀረው ነገር አይኖርም። ያኔ ተረከዝ መሬቱን የመታ ያህል ይሰማችኋል። ሱቅ ውስጥ ለስላሳ የነበረው ጫማ መንገድ ላይ ደረቅ ይሆናል ማለት ነው። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ደጋግሞ ሲታጠፍም ወደ ቦታው መመለሱን ይተዋል፤ ሶሉ ይሳሳል፣ ብዙ ጊዜም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

ጠንከር ያለ ኢቪኤ። ሱቅ ውስጥ ደስ አይልም። ሩጫ ላይ ግን በ95 ኪሎ ሥር በልኩ ይወርዳል፣ ይመለሳልም። ጠንከር ያለ ስል ጭራሽ የማይጫነውን የፋሽን ስኒከር ማለቴ አይደለም። በ2020 የታተመ የሉክሰምበርግ ጥናት ከ800 በላይ ሯጮችን ለስላሳና ጠንካራ ጫማ አልብሶ አወዳድሮ ነበር። በጥቅሉ ጠንካራ ጫማ ያደረጉት የበለጠ ተጎድተዋል። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ግን ቀለል ባሉት ሯጮች ላይ ነው፤ ከበድ ያሉት ላይ ግልጽ አልነበረም። ስለዚህ «ወፍራም ሰው ለስላሳ ያስፈልገዋል» የሚለውን እንደ ሕግ አትውሰዱት።

ቲፒዩ። ፍሬ ፍሬ ሆኖ ተጣብቆ የሚታየው ፎም ነው፤ የአዲዳስ ቡስት ይታወቅበታል። ከኢቪኤ ይልቅ ቅርጹን ይይዛል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ጫማው ግን ይከብዳል፣ ዋጋውም ይወጣል። ኮፒው ደግሞ ብዙ ነው። አንዳንዱ ላዩ ላይ የፍሬ ቅርጽ የታተመበት ተራ ፎም ነው።

የኛ አካባቢ አንድ ነገር ይጨምራል። ኢቪኤ በብርድ ይጠነክራል፣ በሙቀት ይለሰልሳል። የደሴ የማለዳ ብርድ ላይ ደረቅ የመሰላችሁ ጫማ ኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ሌላ ጫማ ይመስላል። ስለዚህ የምትሮጡበትን ሰዓትና ቦታ አስቡ። ቲፒዩ በብርድ ብዙም አይለወጥም። የደሴ ቁልቁለትና ኮብልስቶን ደግሞ ሰፊ መቀመጫ ያለው ሶል ይፈልጋል፤ ከፍ ብሎ ጠበብ ያለ ለስላሳ ሶል እዚያ ላይ ቁርጭምጭሚትን ወለም ያደርጋል።

ዋጋውን በምሳሌ እንየው። ኮምቦልቻ ያለ 95 ኪሎ ጀማሪ በሳምንት ሦስት ቀን አራት አራት ኪሎ ሜትር ቢሮጥ፣ በሳምንት 12 ይሆናል። 3,000 ብር የገዛው ለስላሳ ጫማ በ240 ኪሎ ሜትር ቢሞት ሃያ ሳምንት አገለገለው፤ ኪሎ ሜትሩ 12.50 ብር ነው። 5,000 ብር የገዛው ጠንከር ያለ ጫማ 500 ቢደርስ ኪሎ ሜትሩ አሥር ብር ነው። ቁጥሮቹ የኔ ግምት ናቸው፤ የራሳችሁን አስገቡ። ለጫማ የሚሰጠው የተለመደ ዕድሜ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከባድ ሰው ወደ ታችኛው ጫፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል።

ሰልባጅ ላይ ተጠንቀቁ። የታችኛው ጎማ አዲስ ሆኖ ፎሙ የሞተ ይሆናል። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከኋላ እዩት፦ ተረከዙ ካዘነበለ ተዉት። የሶሉ ጎን ላይ ሳትጫኑት የሚታይ ጥልቅ መጨማደድ ካለም እንዲሁ። ምላሱ ውስጥ ያለው ጨርቅ ላይ ብዙ ጊዜ የተመረተበት ጊዜ ይጻፋል፤ ዓመታት ያስቆጠረ ፎም ሳይሮጥበትም ይደርቃል።

እኔ ብሆን ለኮምቦልቻ ሜዳ ጠንከር ያለ፣ ተረከዙ ወፈር ያለ ኢቪኤ እገዛለሁ። ለደሴ ማለዳ ብር ካለኝ ቲፒዩ፣ ከሌለኝ ያንኑ ጠንከር ያለ ኢቪኤ። ስትሞክሩት ቁጭ ብላችሁ አይሁን፤ በአንድ እግር ቁሙና ተረከዛችሁ ወደ ጎን ይሄድ እንደሆነ ሰው ከኋላ ይይላችሁ። ከታጠበ በኋላም ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ኢቪኤ በሙቀት ይኮማተራል፤ ጥላ ውስጥ ይድረቅ።