ባለ 2.62፣ ባለ 3.53 ወይስ ባለ 5.33? ለፓምፕ ክዳን ኦሪንግ ከመግዛታችሁ በፊት

ኮምቦልቻ ውስጥ ቶርኖ ቤት ነው የምሠራው። ጥር ሲገባና የቦርከና ዳር መስኖ ሲጀመር የውሃ ፓምፕ ይበዛብኛል። አምና ከሀርቡ የመጡ አንድ አባት የፓምፕ ክዳን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው አመጡልኝ። የወረቀት ጓርኒሲዮኑ በየሳምንቱ እየተቀደደ አስቸግሯቸዋል። ክዳኑ ላይ ቦይ ቆርጬ ኦሪንግ እንዳስገባላቸው ነው የፈለጉት። ኦሪንጉንም ከደሴ ገዝተው መጥተዋል። ያውም ሦስት ዓይነት፣ ባለ 2.62 ሚሊ ቀጭን፣ ባለ 3.53 መካከለኛና ባለ 5.33 ወፍራም።

«ልጄ፣ ወፍራሙን አድርግልኝ» አሉ። «ወፍራም ነገር ይበረክታል።»

ግማሽ እውነት አላቸው። ግማሹ የሚወሰነው ግን በክዳኑ ነው እንጂ በጎማው አይደለም። ብዙ ሰው ኦሪንጉን ገዝቶ ነው ቶርኖ ቤት የሚመጣው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ገንዘብም ጊዜም ይተርፋል። ስለዚህ ሦስቱን እዚያው ክዳን ላይ ላወዳድራቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር። ሁለት ጠፍጣፋ ብረት ፊት ለፊት ገጥሞ ኦሪንጉ በመካከል ሲቀመጥ ጎማውን የሚጨምቀው የቦዩ ጥልቀት ነው። ቡሎን ማጥበቅ ብረቱን ከብረት ያገናኛል፣ ከዚያ በኋላ ግን ጭምቁን አይጨምርም። ቦዩ ጥልቅ ከሆነ የፈለጋችሁትን ያህል ብታጠብቁ ጎማው ያው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ የማይንቀሳቀስ ክዳን ጎማው ከውፍረቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ እንዲጨመቅ ይፈለጋል። እኔ 25 ላይ አነጣጥራለሁ። ወደ ላይም ወደ ታችም ቢዛነፍ አምስት አምስት በመቶ መጠባበቂያ አለኝ ማለት ነው።

ስሌቱ ይህ ነው፦

```
ጥልቀት = ውፍረት × (1 − ጭምቅ)
የጎማው ገጽ = 0.785 × ውፍረት × ውፍረት
ስፋት = የጎማው ገጽ ÷ (ጥልቀት × ሙሌት)
```

«ሙሌት» ያልኩት ጎማው ከቦዩ ውስጥ ምን ያህሉን እንደሚይዝ ነው። ለውሃ 75 በመቶ አካባቢ ጥሩ ነው። 80 ቢጠጋም አያሰጋም፣ ከ85 በላይ ግን አልሄድም። ለባለ 3.53ቱ እናስላው። 3.53 በ0.75 ሲባዛ 2.65 ሚሊ ጥልቀት ይሰጣል። የጎማው ገጽ 9.8 ካሬ ሚሊ ነው። ቦዩን 4.7 ሚሊ ሰፊ ብናደርገው የቦዩ ገጽ 12.5 ይሆናል፤ ጎማው 79 በመቶውን ይይዛል። ሌሎቹንም በዚሁ መንገድ ሠርቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው።

| የኦሪንግ ውፍረት | ጥልቀት | ስፋት | ቶርኖው በ0.1 ሚሊ ቢስት ጭምቁ የሚለወጠው |
|---|---|---|---|
| 2.62 | 1.97 | 3.5 | ወደ 4 በመቶ |
| 3.53 | 2.65 | 4.7 | ወደ 3 በመቶ |
| 5.33 | 4.00 | 7.1 | ወደ 2 በመቶ |

የመጨረሻውን ዓምድ እዩልኝ። የአባታችን «ወፍራም ይበረክታል» እዚህ ላይ ነው እውነት የሚሆነው። ያረጀ ቶርኖ ላይ ትልቅ ክዳን ሲያዝ 0.1 ሚሊ መሳት ብርቅ አይደለም። 0.2 ጠልቆ ተቆረጠ እንበል። ባለ 3.53ቱ ወደ 19 በመቶ ይወርዳል፤ ለውሃ አሁንም ሊይዝ ይችላል። ባለ 2.62ቱ ግን 17 ላይ ይቀመጣል። በዚያ ላይ ጎማው ራሱ ከፋብሪካ 0.08 ሚሊ ቀጥኖ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ከ15 በመቶ በታች ነው። ወፍራም ጎማ ስህተት ይሸከማል፣ ቀጭኑ አይሸከምም።

ታዲያ ለምን በቀጥታ ባለ 5.33ቱን አላደረግሁላቸውም? ቦታ የለማ! ክዳኑን ለካሁት። የውሃው ቀዳዳ 150 ሚሊ ነው። ቡሎኖቹ በ180 ሚሊ ክብ ላይ ናቸው፣ ቀዳዳቸው 10.5 ነው። ከውሃው ጠርዝ እስከ ቡሎኑ ቀዳዳ ጠርዝ ያለው ብረት 9.75 ሚሊ ብቻ ነው። 7.1 ሚሊ ቦይ ከቆረጥኩበት በግራና በቀኝ 1.3 ሚሊ ግድግዳ ይቀራል። የክዳኑ ብረት ደግሞ ጊዛ ነው። አንድ ቀን መፍቻ ሲወድቅበት ይሸረፋል። በባለ 3.53ቱ ቦይ ግን በየጎኑ 2.5 አካባቢ ይተርፋል። ይበቃል። ባለ 2.62ቱ 3 ሚሊ ያተርፋል፣ ግን ያን ትርፍ ምን አደርገዋለሁ? የእኔ ሕግ ቀላል ነው። በሁለቱም ጎን ቢያንስ 2 ሚሊ ብረት እስከተረፈ ድረስ ወፍራሙን እመርጣለሁ። ያ ካልተረፈ አንድ ደረጃ እወርዳለሁ።

ስለዚህ መካከለኛው ተመረጠ። ቀጥሎ ዲያሜትሩ ነው። ፓምፑ ሲሠራ ውሃው ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። ጎማውም ወደ ውጭ ይሄዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው የቦዩን ውጭኛ ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥ አለበት፤ አለበለዚያ ግፊት በመጣ ቁጥር እየተለጠጠ ይንሸራተታል። ያመጡት ጎማ 259 ቁጥር ነበር፤ የውስጥ ዲያሜትሩ 158.3፣ የውጩ 165.4 ነው። የቦዩን ውጭኛ ግድግዳ 165.2 ላይ፣ ውስጠኛውን 155.8 ላይ ቆረጥኩት። ጎማው በጣት ሲጫን ግድግዳውን ነክቶ ጸጥ አለ። አየር ወደ ውስጥ በሚሳብበት በኩል፣ ለምሳሌ በመምጠጫው ክዳን ላይ ቢሆን ኖሮ ተቃራኒውን አደርግ ነበር፤ ጎማው ውስጠኛውን ግድግዳ ይደገፋል።

ወደ ስፋት ልመለስ። ሰው ጥልቀት ላይ ይጨነቃል፣ ስፋት ላይ ግን ዝም ይላል። ጎማ ሲጨመቅ አያንስም፣ ወደ ጎን ይሸሻል እንጂ። እንጀራ ሊጥ በእጅ ስትጫኑት በጣቶቻችሁ መካከል እንደሚወጣው ማለት ነው። አንድ ደንበኛ በዚሁ 2.65 በ4.7 ቦይ ውስጥ ባለ 4 ሚሊ ኦሪንግ አስገብቶ መጣ። «ትንሽ ወፈር ይበል ብዬ ነው» አለ። ጭምቁን ብቻ ብታሰሉት 34 በመቶ ነው፤ ትንሽ በዛ እንጂ ጉድ አይመስልም። የጎማው ገጽ ግን 12.6 ካሬ ሚሊ፣ ቦዩ 12.5 ነው። ጎማው ከቦዩ ይበልጣል! ክዳኑ በጭራሽ ከብረቱ ጋር አይገናኝም። እሱ ቡሎን ያጠብቃል፣ ክዳኑ ይጎብጣል፣ ውሃው በሁለት ቡሎኖች መካከል ያንጠባጥባል። አውጥቼ ሳየው የጎማው ጠርዝ አይጥ እንደበላው ተቆራርጧል። ጎማ ከቦዩ ወጥቶ በብረቶቹ መካከል ሲነከስ መልኩ ይህ ነው።

ሲሊኮን ቀብተው የሚያስገቡም ተመሳሳይ ነገር ነው የሚያደርጉት። ያ ባዶ 20 በመቶ ቦታ ጎማው እንዲሸሽበት የተተወ ነው። በሲሊኮን ከሞላችሁት ጎማው መሄጃ ያጣል። እኔ ቀጭን የጎማ ቅባት ብቻ ነው የምቀባው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። የአባታችንን ክዳን ገጥሜ ላክሁት። በሦስተኛው ቀን ደወሉ። «ልጄ፣ ያንተው ጎማ አለቀሰ!» ሀርቡ ድረስ ሄድኩ። ክዳኑን ፈታሁት። ቦዩ ደህና ነው። ጎማው ላይ ግን ጠፍጣፋው መስመር አይታይም ለማለት ይቻላል፣ ገና ከላስቲኩ እንደወጣ ክብ ነው። ጎማ በደንብ ተጨምቆ ሲቆይ በሁለቱም ገጹ ላይ ዙሪያውን ወጥ የሆነ ጠፍጣፋ መስመር ይይዛል። መስመር ከሌለ አልተጨመቀም። ምን ሆኖ ነው ብዬ ዞር ስል የድሮው የወረቀት ጓርኒሲዮን ክዳኑ ላይ ተለጥፎ አየሁት። ልጃቸው «ሁለቱ ቢደመሩ ይሻላል» ብሎ ደርቦታል። ወረቀቱ ግማሽ ሚሊ ነው። ጥልቀቱ ከ2.65 ወደ 3.15 አደገ፣ ጭምቁ ከ25 ወደ 11 በመቶ ወረደ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ክዳኑን ስሰጥ «ወረቀት አትጨምሩ» አላልኩም። አሁን በማርከር ክዳኑ ላይ እጽፈዋለሁ።

ሱቅ ውስጥ ስትገዙ ደግሞ ውፍረቱን ራሳችሁ ለኩ። 3.5 እና 3.53 ብሎ ቢሰጣችሁ ችግር የለውም፣ ልዩነቱ ከፋብሪካው መዛነፍ ያንሳል። አደገኛው ባለ 3 እና ባለ 3.1 ነው፤ ለብቻው ሲታይ ከ3.53 ጋር በቀላሉ ይምታታል። በ2.65 ቦይ ውስጥ ባለ 3.1ዱ 15 በመቶ እንኳ አይሞላም፣ ባለ 3ቱ 12 አይደርስም። በካሊፐር ስትለኩ ጎማውን አትጫኑት፤ መንጋጋው ዳር ዳሩን ነካ ሲያደርገው አንብቡ። ትንሽ ከጫናችሁ 0.1 ሚሊ ትሰርቃላችሁ፣ ያ ደግሞ ከላይ እንዳየነው ሦስት በመቶ ነው። ሦስት አራት ቦታ ላይ ለኩት። እንዲሁም ትንሹን ኦሪንግ ጎትታችሁ ለትልቁ ቦይ አትጠቀሙበት። 4 በመቶ ብትለጥጡት ውፍረቱ ወደ 2 በመቶ ይቀጥናል፤ ከ3.53ቱ 0.07 ሚሊ ሄደ ማለት ነው።

የቦዩን ጥልቀት ራሳችሁ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ የካሊፐሩን ጭራ ተጠቀሙ። አራት ቦታ ላይ ለኩ፣ ልዩነቱ ከ0.1 በላይ ከሆነ ክዳኑ ቶርኖው ላይ ተንጋዶ ነበር የታሰረው። መልሱለት። የወለሉን ልስላሴ ደግሞ በጥፍር ዳሱት። የቶርኖ ምልክት ክብ ሆኖ ከጎማው ጋር አብሮ ከዞረ ምንም አይደል። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሻገር ጭረት ግን ካለ ውሃው በእሱ በኩል መንገድ አገኘ ማለት ነው፣ ጭምቁ 25 ቢሆንም።

የሀርቡውን ክዳን ወረቀቱን ፍቄ፣ ያንኑ ጎማ መልሼ ገጠምኩት። ቀጭኑንና ወፍራሙን ኦሪንግ ደሴ ሲወጡ ሊመልሷቸው ኪሳቸው ከተቱ።