የአባቴን ካፖርት ላነበቡልኝ አዛውንት

የአባቴ ሙት ዓመት ሲቃረብ በመታሰቢያው ወረቀት ላይ የሚታተም ግጥም አጻፍኩ። ከፍዬ ያጻፍኩት አንዱ ሰው «ዋርካዬ፣ ጥላዬ፣ ጀግናዬ» ብሎ አሥራ ስድስት መስመር ሰጠኝ። ሌላው ደግሞ ለማን እንደሚጽፍ እንኳ ሳይጠይቀኝ ስም ብቻ ቀይሮ የሰጠኝ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሁለቱም ግጥሞች ለማንም አባት ይሆናሉ፤ ለእኔ አባት ግን አይሆኑም። ገንዘቤ አላንገበገበኝም፤ አባቴ ሁለተኛ የሞተ መሰለኝ እንጂ።

ከዚያ በኋላ ነው ሰዎች ጡረታ የወጡ አንድ የአማርኛ መምህር የጠቆሙኝ። መምህሩ ግጥሞቹን አንብበው «ምን ጥሎ ሄደ?» አሉኝ። የዘበኝነት ካፖርቱ በሩ ላይ ተሰቅሎ መቅረቱን ነገርኳቸው። «አምጪው» አሉኝ።

ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ዝም ብለው አዩት። «ግራ ኪሱ ከቀኙ ወርዷል። ለምን?» አሉ። አባቴ ሃያ ዓመት ሌሊት ሲጠብቅ ባትሪውን የሚይዘው በግራ ኪሱ ነበር። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ እኔም ራሴ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ቀስ ብለው አስረዱኝ። «ካፖርት» ማለት ብቻውን ሐዘን አይሆንም፤ የሱቅ ካፖርትም ካፖርት ነው። ሰውየው በዕቃው ላይ የተወውን ምልክት፣ የሰፋውን ወይም የተፋቀውን ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። ድሮ ለቅሶ ላይ የሟቹን ልብስና ጠመንጃ እያወጡ የሚያስለቅሱት ለዚሁ እንደሆነ ነገሩኝ። ቡሶን የተባለ የ18ኛው መቶ ዘመን ጃፓናዊም በብርድ መኝታ ቤቱ ውስጥ የሟች ሚስቱን ማበጠሪያ ሲረግጥ የሚያሳይ አጭር ግጥም አለው። ሐዘን የሚል ቃል የለበትም፤ ቅዝቃዜው ተረከዝ ላይ ነው። ሚስቱ ግን ያኔ በሕይወት ነበረች! ስለዚህ ዕቃው የሚሠራው እውነት ስለሆነ ሳይሆን ገላ ስለነካው ነው አሉኝ።

ከዚያ ስለ ካፖርቱ ከተጻፈው ግጥም «ናፍቆቴ»ን፣ «እንባዬ»ን ሁሉ ሰረዙ። ዕቃው ከተናገረ በኋላ ስሜቱን መልሶ ማብራራት ዕቃውን ዝም ያሰኘዋል አሉ። ስለ ስንኝ ምጣኔም ነገሩኝ፤ ስድስት ስድስት ቀለም መቁጠሩን ግን እሳቸው አስተካከሉልኝ እንጂ እኔ በደንብ አልገባኝም። የቀረው ይህ ነው፦

ግራ ኪሱ ወርዷል፣ ባትሪው የለበትም፤
በሩ ላይ ተሰቅሎ፣ ሰው አልመጣለትም።

«በሩ» የቤታችንም፣ ሲጠብቀው የኖረው ግቢም በር ነው። «እሱን አትንገሪያቸው፣ ይድረሱበት» ብለውኝ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ፣ አልቻልኩም።

በመታሰቢያው ቀን ግጥሙ ሲነበብ እናቴ ተነሥታ ሄዳ ካፖርቱን አወረደችና እጇን ግራ ኪሱ ውስጥ ከተተች። ለረጅም ጊዜ አላወጣችም።

እሳቸው ስማቸው እንዲወጣ አልፈለጉም። ለወዳጅ ዘመዱ ግጥም የሚያጽፍ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ አገናኛለሁ። እባካችሁ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ስኒም ቢሆን፣ መነጽርም ቢሆን፣ ዕቃውን ይዛችሁ ሂዱ። ሳታጥቡት!